የመድኃኒት ስትሪፕ ፎቶ አንስታችሁ «ስንት ቀን ቀረኝ?» ስትሉ እንዴት ነው የሚቆጠረው?

በውስጥ መስመር ከሚላኩልኝ ፎቶዎች ብዙዎቹ የመድኃኒት ስትሪፕ ናቸው። ዛሬ አንዱን ይዘን አብረን እንቆጥረዋለን። ባለታሪኮቹ እንዳይታወቁ አንዳንድ ነገር ቀይሬያለሁ።

ፎቶውን የላከችው ከደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ የምትኖር እህት ናት። ወንድሟ የሳንባ ቲቢ ታሞ የመጀመሪያውን ሁለት ወር ጨርሷል፤ አሁን በአራቱ ወር ሕክምና ላይ ነው። ክብደቱ 48 ኪሎ ነው። በቀን 3 ፍሬ ይወስዳል። ጥያቄዋ አጭር ነበር፦ «ዶክተር፣ ቀጠሮው ጥር 30 ነው፤ መድኃኒቱ ይደርስለታል ወይ?»

በመጀመሪያ የላከችው ፎቶ ብዙም አልጠቀመንም። ስትሪፑን በብርማው ወረቀት በኩል ነው ያነሳችው። በዚያ በኩል ሲታይ ፍሬው ወጥቶ ወረቀቱ ተመልሶ የተጣበቀበት ቦታ ሙሉ ይመስላል፤ የስልኩ ፍላሽ ሲጨመርበት ደግሞ ጭራሽ ያብረቀርቃል። እሷ «8 ወይም 9 ነው» አለች፤ እኔም ከዚያ የተሻለ መናገር አልቻልኩም። ስለዚህ እንዲህ አልኳት፦ ገልብጪው፣ ጉብ ጉብ ያለውን የፕላስቲክ ጎን ወደ ላይ አድርጊው፣ ፍላሹን አጥፍተሽ መስኮት አጠገብ አንሺ፣ አራቱም ጠርዝ ይታይ። ቤት ውስጥ ያለውን ስትሪፕ ሁሉ ደግሞ ጎን ለጎን ደርድሪው፣ አትደራርቢው።

ሁለተኛው ፎቶ ሲመጣ አንድ ያልተነካ ሙሉ ስትሪፕ ብቅ አለ። ለካ በመጀመሪያው ፎቶ ላይ ከሥር ተደብቆ ኖሯል!

አሁን ወደ ቆጠራው። ፍሬ በፍሬ እየቆጠራችሁ አትድከሙ፤ መጀመሪያ ረድፉን እዩ። የዚህኛው ስትሪፕ 4 ረድፍ አለው፣ በእያንዳንዱ ረድፍ 7 ፍሬ፤ 4 ሲባዛ በ 7፣ 28። ሁለቱ ረድፍ ሙሉ በሙሉ ባዶ ነው፣ 14። ከሦስተኛው ረድፍ 6 ወጥቷል። በድምሩ 20 ባዶ ቦታ ማለት ነው። 28 ሲቀነስ 20፣ 8 ፍሬ ቀረ። ሙሉው ስትሪፕ 28 ነው፣ አንድ ላይ 36። ባዶውንም ሙሉውንም ለየብቻ ቆጥራችሁ ድምሩ 28 ካልመጣ አንዱን ተሳስታችኋል ማለት ነው።

36 ለ 3 ሲካፈል 12 ቀን። ፎቶው የተነሳው ጥር 20 ማታ ነው፤ የዕለቱን ጠዋት ወስዷል። ስለዚህ ከጥር 21 ጀምረን 12 ቀን ስንቆጥር የካቲት 2 ላይ እንደርሳለን። እህቴ በጣም ደስ አላት፦ «ተመስገን! እንዲያውም ከቀጠሮው በኋላ የሁለት ቀን ይተርፈዋል።»

እኔ ግን እዚህ ጋ ነው የደነገጥኩት። መትረፍ አልነበረበትማ!

ለምን እንደሆነ ልንገራችሁ። የቲቢ መድኃኒት ስትሪፕ 28 ፍሬ መሆኑ ዝም ብሎ አይደለም። በቲቢ ሕክምና አንድ ወር የሚሰላው በ 28 ቀን ነው፤ ሁለቱ ወር 56 ቀን፣ አራቱ ወር 112 ቀን ይሆናል። ስለዚህ በቀን 3 ፍሬ የሚወስድ ሰው ለ 28 ቀን 84 ፍሬ ያስፈልገዋል፣ ማለትም ልክ 3 ስትሪፕ። በቀን 4 የሚወስድ ደግሞ ልክ 4 ስትሪፕ። በቀን የምትወስዱት የፍሬ ብዛትና ለ 28 ቀን የሚሰጣችሁ የስትሪፕ ብዛት እኩል ነው። ሂሳቡ የሚያልቀው በቀጠሮው ቀን አካባቢ ነው፣ ያለ ትርፍ።

እሱ 3 ስትሪፕ ተቀብሎ የመጀመሪያውን የወሰደው ጥር 3 ነው። ከጥር 3 እስከ ጥር 20 ስንት ቀን ነው? 17 እንዳትሉ! የመጀመሪያውም ቀን ይቆጠራል፣ 18 ነው። (በዚህች በአንዷ ቀን ብዙ ሰው ይሳሳታል።) 18 ሲባዛ በ 3፣ 54 ፍሬ መዋጥ ነበረበት። ከ 84 ላይ 54 ሲቀነስ 30 ነው መቅረት ያለበት፣ ማለትም አንድ ሙሉ ስትሪፕና 2 ፍሬ። እኛ ያገኘነው ግን 36 ነው። ትርፉ 6 ፍሬ የሁለት ቀን መድኃኒት ነው።

«ወንድምሽ ሁለት ቀን ያልወሰደበት ጊዜ አለ?» አልኳት። ጠይቃው ተመለሰች። ጥር 13 እና 14 ለሥራ ኮምቦልቻ አድሮ ነበር፤ መድኃኒቱን ቤት ረስቶት ሄዷል። ሲመለስ «ሁለት ቀን ምን ያመጣል» ብሎ ለማንም አልተናገረም።

አንዳንዱ እንዲህ ሲሆን ያመለጠውን ለማካካስ በማግስቱ 6 ፍሬ በአንዴ ይውጣል። ይሄ አይደረግም፤ መድኃኒቱ ጉበት ላይ ጫና አለው። በዚያው ቀን ካስታወሳችሁ ወዲያው ውሰዱ፤ ቀኑ ካለፈ ግን በማግስቱ የተለመደውን 3 ብቻ ነው። ያመለጠው ቀን የሚካካሰው ሕክምናው መጨረሻ ላይ ተጨምሮ ነው፣ 112ቱ ቀን እስኪሞላ። ይህን ደግሞ ጤና ጣቢያው የሚያውቀው ስትነግሯቸው ነው፤ የቲቢ ክፍሏ ነርስ ካርዱ ላይ ታስተካክለዋለች። ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ። እሱም በማግስቱ ሄዶ ተናግሯል።

በተቃራኒው ፍሬው ከሚገባው በታች ሆኖ ከተገኘስ? ወይ ከታዘዘው በላይ እየተወሰደ ነው፣ ወይ ጠፍቷል፣ ወይ ደግሞ «እሱም ያስለዋል» ተብሎ ለሌላ የቤተሰብ አባል ተሰጥቷል። ይሄኛውንም ደጋግሜ አጋጥሞኛል። የሚያስለው ሰው አክታው ይመርመር እንጂ የሌላ ሰው መድኃኒት አይቃመስ። ከልክ በላይ የወሰደ ሰው ዓይኑ ቢጫ ከሆነ ወይም ማስታወክ ከጀመረው በዚያው ቀን ሐኪም ይየው።

አንድ የሚያወዛግብ ነገር አለ። 28 ለ 3 እኩል አይካፈልም። 9 ቀን ወስዳችሁ አንዲት ፍሬ ትቀራለች። በ 10ኛው ቀን እሷን ብቻ ውጦ የሚውል ሰው አለ፤ እሷን ጥሎ አዲስ ስትሪፕ የሚከፍትም አለ። ትክክሉ አንድ ከአሮጌው፣ ሁለት ከአዲሱ ነው። በ 19ኛው ቀን ደግሞ ሁለት ከአሮጌው፣ አንድ ከአዲሱ ይሆናል። መድኃኒቱን የተቀበላችሁ ዕለት ብርማው ወረቀት ላይ በእስክሪብቶ ሦስት ሦስቱን ክበቡና ቀኑን ጻፉበት፤ ያኔ ፎቶም ሂሳብም አያስፈልጋችሁም።

በቀን ስንት ፍሬ የሚለውን ከጎረቤት ሳይሆን ከራሳችሁ ካርድ ላይ እዩ። በአዋቂ ከ 30 እስከ 39 ኪሎ 2፣ ከ 40 እስከ 54 ኪሎ 3፣ ከ 55 ጀምሮ 4 ፍሬ ነው። ሕክምናው ሲሠራ ሰው ይወፍራል፤ ኪሏችሁ ከፍ ሲል ቁጥሩ ሊቀየር ይችላል፣ ያኔ የቀኑም ሂሳብ አብሮ ይቀየራል። ራሳችሁ ግን እንዳትቀይሩት።

ፎቶ የማያሳየውም አለ። ባዶ ቦታ ማለት ፍሬው ከስትሪፑ ወጥቷል ማለት ብቻ ነው፤ ተውጧል ማለት አይደለም። ለመንገድ ተብሎ ኪስ ውስጥ የገባ፣ ፌስታል ውስጥ የተራገፈ ይኖራል። ስለዚህ ሁልጊዜ ከፎቶው ጋር የጀመራችሁበትን ቀን፣ የተቀበላችሁትን የስትሪፕ ብዛት፣ በቀን ስንት እንደምትወስዱ፣ የዛሬውን ወስዳችሁ እንደሆነም ጻፉልኝ።

ስትሪፑ ጠርዝ ላይ የታተመው የማለፊያ ቀን በፈረንጆች አቆጣጠር ነው። በእኛ ዓመት እያሰባችሁ «ገና ስምንት ዓመት አለው» ብላችሁ የምታስቀምጡ፣ እሱንም በፎቶው ውስጥ አስገቡት።