የጎደለው 25 ዶላር የት ገባ?

አዲስ አበባ ሆኖ ለውጭ ደንበኛ የሚሠራ ዲዛይነር የ800 ዶላር ኢንቮይስ ላከ እንበል። በወሩ መጨረሻ ስቴትመንቱ ላይ የሚያገኘው በብር የተጻፈ አንድ መስመር ነው። ብሩን በዛሬ ምንዛሪ መልሶ ከ800 ጋር ማስተያየት ከንቱ ድካም ነው፤ ከሐምሌ 2016 ወዲህ ምንዛሪው በገበያ ስለሚወሰን፣ ገንዘቡ የገባበት ቀን ዋጋ ሌላ ነው።

ስለዚህ ማመሳከር ያለበት በዶላር ነው። ባንኩን ክሬዲት አድቫይስ ይጠይቅ፤ የደረሰው ዶላርና የተመነዘረበት ዋጋ እዚያ አለ። 775 የሚል ከሆነ 25ቱ የቀረው መንገድ ላይ ነው። ቀጥሎ ከደንበኛው የስዊፍት ቅጂውን ይቀበልና 71A የሚለውን መስመር ይይ። SHA ከሆነ መካከለኛ ባንክ ቆርጦ ሊሆን ይችላል። OUR ከሆነ ግን ወጪው ሁሉ የላኪው ነውና ደንበኛው ባንኩን እንዲያስጠይቅ ማድረግ ተገቢ ነው።

ብዙዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ሂሳቡ እንዲገጥም ብለው ኢንቮይሱን ወደ 775 ያርማሉ። ያኔ ደንበኛው እጅ ካለው ሰነድ ጋር ይጋጫል። ኢንቮይሱ 800 እንደሆነ ይቆይ፤ በዚያው ቁጥር ሥር 775 ገቢ፣ 25 የባንክ ወጪ ተብሎ ይመዝገብ፤ አድቫይሱም አብሮ ይታሰር። ደንበኛው ሁለት ኢንቮይስ በአንድ ላይ ከከፈለ ቅነሳው ለሁለቱ እንደየመጠናቸው ይከፈላል።