«የባንክ ሂሳባችን ተቀይሯል» የሚለው ማስታወቂያ እንዴት ይታረም?

የባንክ ሂሳብ መቀየሩን የሚገልጽ ማስታወቂያ አንድ ክፉ ጠባይ አለው። እውነተኛው ድርጅት የሚጽፈውና አጭበርባሪው የሚጽፈው ይመሳሰላሉ። ሁለቱም «ሂሳባችን ተቀይሯል፣ ከእንግዲህ እዚህ አስገቡ» ነው የሚሉት። ስለዚህ እንዲህ ያለ ጽሑፍ ለእርማት ሲመጣልኝ ከሰዋስው በፊት የማየው ሌላ ነገር ነው፦ ሌባ ይህንኑ ወረቀት ወስዶ ቁጥሮቹን ብቻ ቢለውጥ ይሠራለታል ወይ? ከሠራለት ጽሑፉ ገና አላለቀም።

አንድ የጽዳት ዕቃ አከፋፋይ ለሱቆች፣ ለሆቴሎችና ለትምህርት ቤቶች እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦

«ለውድ ደንበኞቻችን በሙሉ፦ ድርጅታችን በአንዳንድ ምክንያቶች የባንክ ሂሳቡን የቀየረ ስለሆነ ከዛሬ ጀምሮ ማንኛውንም ክፍያ ከዚህ በታች በተገለጸው አዲስ ሂሳብ ብቻ በአስቸኳይ እንድታስገቡ እያሳሰብን፣ በቀድሞው ሂሳብ ለሚገባ ገንዘብ ኃላፊነት የማንወስድ መሆኑን እንገልጻለን። ለበለጠ መረጃ ከታች ባለው ስልክ ይደውሉ።»

ብዙዎቻችን የለመድነው አጻጻፍ ነው። ማህተም ሲያርፍበት ደግሞ ሙሉ ይመስላል። ማህተም ግን ፎቶ ተነስቶ በሌላ ወረቀት ላይ የሚለጠፍ ነገር ስለሆነ ለደንበኛው ምንም አያረጋግጥለትም።

«ከዛሬ ጀምሮ» ከሚለው ልጀምር። ማስታወቂያው በቴሌግራም ከሰው ሰው ሲተላለፍ ከሳምንት በኋላ የሚያነበው ደንበኛ «ዛሬ» የትኛው ቀን እንደሆነ አያውቅም። ትናንት ያስገባው ገንዘብ ይጥፋ ይድረስም ግራ ይገባዋል። ቀኑ ከነዓመተ ምሕረቱ ይጻፍ፤ ከውጭ ድርጅቶች ጋር የሚሠሩ ደንበኞች ካሉ የአውሮፓው ቀን አብሮ ይግባ። ዓርብ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ማለት በአውሮፓ አቆጣጠር ጃንዋሪ 9 ቀን 2026 ነው ብሎ መጻፍ ግማሽ መስመር ቢወስድ ነው።

ከዚያ «በአስቸኳይ» እና «ኃላፊነት አንወስድም» የሚሉት አሉ። እነዚህን ሁልጊዜ አወጣለሁ። የአጭበርባሪው ዋና መሣሪያ ጥድፊያ ነው፤ ደንበኛው ደውሎ ከጠየቀ ሥራው ተበላሸበት። እውነተኛው ድርጅት በተመሳሳይ ቋንቋ ከጻፈ ደንበኞቹን ለጥድፊያ ያለማምዳቸዋል። መድኃኒቱ የቀድሞውን ሂሳብ ለተወሰነ ጊዜ ክፍት ማድረግ ነው፤ በምሳሌያችን እስከ የካቲት 30 ይሁን። በአሮጌው ሂሳብ ያስገባ ሰው ገንዘቡ እንደሚደርስ ካወቀ ለመደወል ጊዜ ያገኛል። ከዚህም በላይ፣ «አሮጌው ሂሳብ ኦዲት ላይ ስለሆነ ዛሬውኑ በዚህ አስገባ» የሚል የሐሰት መልእክት ሲመጣለት ከእጁ ካለው ማስታወቂያ ጋር እንደሚጋጭ ያያል። ቼክ የሚጽፉ ደንበኞችንም አንርሳ፤ ቼክ የሚጻፈው በድርጅቱ ስም እንጂ በሂሳብ ቁጥሩ ስላልሆነ ስሙ እስካልተቀየረ ድረስ ምንም አይለወጥም። ይህን አንድ ዓረፍተ ነገር መጨመር ብዙ ስልክ ያስቀራል።

ትልቁ ስሕተት ግን መጨረሻ ላይ ያለው ስልክ ነው። «ለማረጋገጥ ከታች ባለው ቁጥር ይደውሉ» ሲባል ወረቀቱ ለራሱ ምስክር ሆነ ማለት ነው። የሂሳብ ቁጥሩን የለወጠ ሌባ ስልኩንም ይለውጣል፤ ደንበኛው ሲደውል በትሕትና «አዎ፣ ትክክል ነው» የሚለው ራሱ ሌባው ነው። ስለዚህ ማስታወቂያው ስልክ አይያዝ። ደንበኛው ከዚህ በፊት በተቀበለው ደረሰኝ ላይ ወዳለው ቁጥር እንዲደውል ይንገረው። ለመጣው ኢሜይል መልስ መጻፍም ማረጋገጫ አይሆንም፤ የድርጅቱ ኢሜይል ተጠልፎ ከሆነ መልሱን የሚጽፈው ጠላፊው ነው።

«የባንኩ መተግበሪያ የሂሳቡን ባለቤት ስም ያሳየኝ የለ?» የሚል ይኖራል። ያሳያል፣ ይጠቅማልም፤ ስለዚህ ስሙ ባንኩ ላይ እንደሚታየው በፊደሉ ልክ በማስታወቂያው መግባት አለበት። ብቻውን ግን አይበቃም። ኤቫልዳስ ሪማሳውስካስ የተባለ ሊትዌንያዊ ከ2013 እስከ 2015 እ.ኤ.አ. ጉግልንና ፌስቡክን ከ100 ሚሊዮን ዶላር በላይ ያስከፈላቸው፣ ሁለቱም ዕቃ በሚገዙበት የእስያ አምራች ስም ላትቪያ ውስጥ ኩባንያ አስመዝግቦና በዚያው ስም የባንክ ሂሳብ ከፍቶ ነው። ስሙ ገጥሟል፤ ገንዘቡ ግን ለሌላ ሰው ገባ። በ2019 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የአምስት ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።

እንግዲህ የታረመው እንዲህ ይነበባል፦

«ከዓርብ ጥር 1 ቀን 2018 ዓ.ም. ጀምሮ ክፍያ የምንቀበልበት ባንክ ይቀየራል። የአዲሱ ሂሳብ ባንክ፣ የሂሳቡ ስምና የመጨረሻ አራት አሃዞች ከዚህ በታች አሉ፤ ሙሉ ቁጥሩን በሚቀጥለው የሽያጭ ደረሰኝዎ ላይ ያገኙታል። የቀድሞው ሂሳብ እስከ የካቲት 30 ክፍት ነው፤ እስከዚያ በእሱ ያስገቡት ይደርሰናል። የድርጅቱ ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር፣ አድራሻና ስልክ አልተቀየሩም። በአዲሱ ሂሳብ ለመጀመሪያ ጊዜ ከመክፈልዎ በፊት፣ ከጥር 1 በፊት በተቀበሉት ደረሰኝ ላይ ባለው ስልክ ደውለው ያረጋግጡ። ይህ ማስታወቂያ ስልክ ቁጥር የለውም፤ ስልክ የተጨመረበት ካዩ የእኛ አይደለም።»

ሙሉ ቁጥሩን ያስቀረሁት ምስጢር ስለሆነ አይደለም፤ የሂሳብ ቁጥር ያወቀ ሰው ገንዘብ ሊያስገባበት እንጂ በዚያ ብቻ ሊያወጣበት አይችልም። ያስቀረሁት ደንበኛው ከተላለፈ ፎቶ ላይ ገልብጦ እንዳይከፍል፣ ቢያንስ ሁለት ወረቀት እንዲያመሳክር ነው። አራቱን አሃዝም ሌባ ሊለውጣቸው ይችላል። እውነተኛው መከላከያ የስልክ ጥሪው ነው።

ለዚያም ነው ማስታወቂያው ከመውጣቱ በፊት ስልክ የሚያነሱት ሠራተኞች መነገር ያለባቸው። ደንበኛ ሲደውል ካሸሯ ቁጥሩን ቀድማ መናገር የለባትም፤ «እርስዎ ጋ የደረሰውን ያንብቡልኝ» ትበል። ቀድማ ከነገረችው ደንበኛው «እሺ» ብሎ ይዘጋል፣ ሐሰተኛ ማስታወቂያ እየዞረ እንደሆነም ድርጅቱ ሳይሰማ ይቀራል። ካነበበላትና ካልገጠመ ግን በዚያው ደቂቃ ሌባው የሚጠቀምበት ባንክና ሂሳብ ታወቀ። የከፈለ ደንበኛ ካለ ገንዘቡ ሳይወጣ እንዲታገድ ወዲያው ለራሱ ባንክም፣ ሂሳቡ ላለበት ባንክም እንዲያመለክት ይነገረው፤ እዚህ ላይ ነው መቸኮል የሚገባው።

ማስታወቂያው የድርጅቱ ቻናል ላይ ከላይ ተሰክቶ እስከ የካቲት 30 ይቆይ። ከዚያ በኋላ የሚወጣው «የቀድሞው ሂሳብ ተዘግቷል» የሚል አንድ መስመር ብቻ ነው፤ ቁጥር አይደገምበትም።