ጽሑፍ መሃል ላይ ሲቆረጥ፦ ረጅም ሰነድ የት ላይ ይከፈል?

ከአንድ ቦታ ኮፒ ተደርጎ ሌላ ቦታ የተለጠፈ ረጅም ጽሑፍ መሃል ላይ የሚቆመው፣ ተቀባዩ ቦታ የተወሰነ መጠን ብቻ እንዲይዝ ተደርጎ ስለተሠራ ነው። ኮፒ ሲደረግ ጽሑፉ ብዙውን ጊዜ በሙሉ ይወሰዳል፤ ጉድለቱ የሚመጣው ሲለጠፍ፣ ሲላክ ወይም ሲቀመጥ ነው። አንዳንዱ ፕሮግራም መጠኑ ሲያልፍ አልቀበልም ብሎ ያስታውቃል። ይህ ቢያናድድም ጉዳት የለውም፤ ላኪው ችግሩን ወዲያው ያውቀዋልና። አደገኛው ዝም ብሎ የሚቆርጠው ነው። ድረ ገጽ ላይ በሚሞሉ ቅጾች ውስጥ `maxlength` የተባለ ገደብ የተደረገበት ሳጥን ሲለጠፍበት የሚችለውን ያህል ይቀበልና የቀረውን ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ይጥለዋል። ማመልከቻውን የሚሞላው ሰው ሳጥኑ በጽሑፍ መሙላቱን ብቻ አይቶ «ላክ» የሚለውን ይጫናል።

ገደቡ በየቦታው ይለያያል። በቴሌግራም አንድ መልእክት የሚይዘው 4,096 ፊደል ሲሆን፣ ከፎቶ ሥር የሚጻፈው መግለጫ ደግሞ በመደበኛው አገልግሎት 1,024 ነው። በኤክሴል አንዷ ሳጥን 32,767 ትይዛለች። በእነዚህ ቁጥሮች ውስጥ ክፍት ቦታውም፣ አራት ነጥቡም፣ መስመር መቀየሩም ይቆጠራል።

አማርኛ የሚጽፍ ሰው ግን ሌላም ነገር ማወቅ አለበት። ብዙ ገደቦች የሚለኩት በፊደል ብዛት ሳይሆን በባይት ነው። በተለመደው ዩቲኤፍ-8 አጻጻፍ አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት ሲወስድ አንድ የግዕዝ ፊደል ሦስት ባይት ይወስዳል። «ሰላም ለሁሉ» የሚለው ሐረግ ከነክፍት ቦታው ሰባት ሆኖ ይቆጠራል፤ በባይት ሲለካ ግን 19 ነው። ስለዚህ በባይት የተገደበ ሳጥን ለእንግሊዝኛ የሚበቃውን ያህል ለአማርኛ አይበቃም፤ አማርኛው ገና ሲሶው ገደማ ላይ ሳለ ሊሞላ ይችላል። ማይ ኤስ ኪው ኤል በተባለው የመረጃ ቋት ውስጥ `TEXT` ተብሎ የሚሰየመው ዓምድ 65,535 ባይት ይይዛል። ይህ ለግዕዝ ፊደላት ሲሰላ 21,845 ብቻ ነው። ቋቱ በጥብቅ አሠራር ካልተዋቀረ ከዚያ የተረፈውን ቆርጦ ይጥላል፤ ጸሐፊው ግን ጽሑፉ በሙሉ የተቀመጠ ይመስለዋል።

በስልክ አጭር መልእክት ደግሞ ልዩነቱ ገንዘብ ያስወጣል። አንድ መልእክት የሚሸከመው 140 ባይት ነው፤ በላቲን ሲጻፍ 160 ፊደል ይሆናል፣ በአማርኛ 70። ከአንድ መልእክት ያለፈ ጽሑፍ ሲላክ ስልኩ ቁርጥራጮቹን መልሶ ለመግጠም የሚያስፈልገው መረጃም ከዚያው ላይ ስለሚቀነስ እያንዳንዱ ቁራጭ የሚይዘው የአማርኛ ፊደል 67 ብቻ ይሆናል። 200 ፊደል ያለው የስብሰባ ጥሪ በላቲን ሁለት መልእክት፣ በአማርኛ ሦስት መልእክት ነው ማለት ነው።

ጽሑፉ ተቆርጦ እንደሆነ የሚያሳብቁ ምልክቶች አሉ። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር አራት ነጥብ የለውም፤ ወይም መጨረሻው ላይ የተሰበረ ቃል ይታያል። በጥቁር አልማዝ ውስጥ ያለ የጥያቄ ምልክት (�) መጨረሻው ላይ ከታየ ቆራጩ በባይት የሚቆጥር መሆኑ ያስጠረጥራል፤ ከአንዱ ፊደል ሦስት ባይቶች መሃል ገብቶ ፊደሉን ራሱን ከፍሎታልና። ከሁሉ የሚከፋው መቆረጡ በአጋጣሚ አራት ነጥብ ላይ የወደቀ እንደሆነ ነው። ያን ጊዜ ምንም ምልክት አይኖርም፤ መጨረሻውን ከዋናው ጋር ማስተያየት ብቻ ነው የሚያዋጣው።

የአማርኛ ዓረፍተ ነገር ግሱን መጨረሻው ላይ ስለሚያስቀምጥ መቆረጡ የሚያደርሰው ጉዳት ከፍ ያለ ነው። «በሦስት ተከታታይ ስብሰባ ያልተገኘ አባል በቂ ምክንያት እስካላቀረበ ድረስ ከአባልነት» ብሎ የቆመ አንቀጽ አባሉ ይታገድ ወይስ ይሰረዝ አይናገርም። ጉዳዩ፣ ሰውየውና ሁኔታው ሁሉ ተነግረው ውሳኔው ብቻ ጎድሏል።

አከፋፈሉን በአንድ ሰነድ ላይ ማየት ይቻላል። አንድ እድር 24 አንቀጽ ያለውን መተዳደሪያ ደንቡን በአባላቱ የቴሌግራም ግሩፕ ላይ ሊለጥፍ ነው እንበል። ሰነዱ ከነክፍት ቦታው 10,800 ፊደል አለው። በዎርድ ይህን ለማወቅ `Word Count` የሚለው ተከፍቶ `Characters (with spaces)` የሚለው መስመር ይነበባል፤ የቃል ብዛት እዚህ ላይ አይጠቅምም። ደንቡ አራት ምዕራፍ ነው፦ ስለ እድሩ አጠቃላይ ሁኔታ የሚናገረው 1,700፣ ስለ አባልነት የሚናገረው 3,300፣ ስለ መዋጮና ክፍያ የሚናገረው 3,900፣ ስለ አመራር የሚናገረው ደግሞ 1,900 ፊደል ይዟል።

ሰነዱ እንዳለ ቢለጠፍ ቴሌግራም ገደቡ እየሞላ ሲሄድ ራሱ ከፋፍሎ ሦስት መልእክት ያደርገዋል። ቃል ባይጠፋም አከፋፈሉ የደንቡን አንቀጾች አይመለከትም። የመጀመሪያው መቁረጫ የሚያርፈው ከአባልነት ምዕራፍ መሃል ነው። ሁለተኛው ደግሞ 8,192ኛው ፊደል አካባቢ፣ እድሩ በሐዘን ጊዜ ስለሚከፍለው ገንዘብ በሚዘረዝሩት አንቀጾች ላይ ይወድቃል። «እድሩ የሚከተለውን ይከፍላል» የሚለው መሪ ዓረፍተ ነገርና በትዳር ጓደኛ ሞት የሚከፈለው መጠን በሁለተኛው መልእክት ላይ ይቀራሉ፤ በወላጅ ሞት የሚከፈለው ያለ መሪ፣ ያለ ርእስ በሦስተኛው መልእክት ራስ ላይ ይታያል። ሦስተኛውን ብቻ ከጎረቤት በፎርዋርድ ያገኘ አባል ገንዘቡ እድሩ የሚሰጠው ይሁን አባሉ የሚያዋጣው ሊለይ አይችልም። ሐዘን ላይ ለተቀመጠ ቤተሰብ ይህ ትንሽ ስሕተት አይደለም።

የተሻለው መንገድ ከመለጠፍ በፊት ሰነዱን በራሱ መገጣጠሚያ ላይ መክፈል ነው። መጀመሪያ የሚሞከረው ትልቁ ክፍፍል፣ ምዕራፉ ነው። የመጀመሪያውና ሁለተኛው ምዕራፍ ሲደመሩ 5,000 ስለሚሆኑ አንድ ላይ አይሄዱም፤ ለየብቻቸው ይሆናሉ። ሦስተኛው ምዕራፍ 3,900 ስለሆነ ከ4,096 በታች ነው፣ ይገባል ሊባል ይችላል። ሆኖም በእያንዳንዱ ክፍል ራስ ላይ የሚጨመረው ርእስ ራሱ ይቆጠራል፤ በኋላም አንድ ማብራሪያ ቢታከልበት ገደቡን ያልፋል። ከገደቡ አሥር በመቶ ያህል ባዶ መተው፣ ማለትም ለቴሌግራም በ3,700 አካባቢ ማቆም፣ ከብዙ ጣጣ ያድናል። ስለዚህ ይህ ምዕራፍ ወደ አንቀጾቹ ወርዶ ይከፈላል፦ አባላት ስለሚያዋጡት የሚናገሩት ከአንቀጽ 12 እስከ 15 ያሉት 2,100 ፊደል፣ እድሩ ስለሚከፍለው የሚናገሩት ከ16 እስከ 18 ያሉት 1,800 ፊደል ይሆናሉ።

እነዚህን 1,800 ፊደሎች ከአመራሩ ምዕራፍ ጋር አዳብሎ የመልእክቱን ቁጥር አራት ማድረግ ይቻል ነበር፤ ድምሩ 3,700 ነውና። ይህ ግን ባይደረግ ይመረጣል። አባላት ደጋግመው የሚፈልጉትና ለሌላው የሚያስተላልፉት የክፍያውን ክፍል ነው፤ ለብቻው መቆም ይገባዋል። እንዲህ ደንቡ አምስት ክፍል ይሆናል፤ ክፍሎቹ እኩል አለመሆናቸው ምንም ክፋት የለውም። ጽሑፍን እኩል እኩል ለመቁረጥ መጣር ነው ብዙውን ጊዜ ሐሳብን የሚሰብረው።

አንቀጽ ራሱ ከገደቡ ቢበልጥ ወደ ንኡስ አንቀጽ፣ ከዚያም ወደ ዓረፍተ ነገር ይወረዳል። ከዓረፍተ ነገር በታች አይወረድም። ዝርዝር ከመሪ ዓረፍተ ነገሩ፣ ሠንጠረዥ ከርእስ መደዳው፣ «ሆኖም» ብሎ የሚጀምር ልዩ ሁኔታ ከዋናው ድንጋጌ መለየት የለበትም። ሠንጠረዡ በጣም ረጅም ከሆነና መከፈሉ ግድ ከሆነ የርእስ መደዳው በሁለተኛው ቁራጭ ላይ ይደገማል።

ሥራውን ለኮምፒውተር ፕሮግራም የሚሰጥ ሰው አንድ ነገር ማረጋገጥ ይኖርበታል። ለላቲን ጽሑፍ የተሠሩ መክፈያዎች የዓረፍተ ነገርን መጨረሻ የሚያውቁት በአንድ ነጥብ ነው፤ የእኛን «።» ላያውቁት ይችላሉ። በአራት ነጥብ ፈንታ ሁለት ጊዜ «:» የተመታበት የቆየ ጽሑፍም ብዙ ነው። እንዲህ ያለው አስቀድሞ «ፈልግና ተካ» በሚለው መሣሪያ ወደ «።» ቢለወጥ ይሻላል፤ አለዚያ ፕሮግራሙ ሰነዱን በሙሉ እንደ አንድ ዓረፍተ ነገር ቆጥሮ ያገኘበት ቦታ ይቆርጠዋል።

የተከፈለ ሰነድ ተበታትኖ እንደሚጓዝ ማሰብም ያስፈልጋል። በግሩፕ ውስጥ በሁለት ክፍሎች መካከል የሌላ ሰው መልእክት ይገባል፤ ከዚያ በኋላ ደግሞ አንዱ ብቻውን ወደ ሌላ ግሩፕ ይላካል። ስለዚህ እያንዳንዱ ክፍል የሰነዱን ስም፣ ስንተኛ ከስንት እንደሆነ፣ የያዛቸውን አንቀጾችና የጸደቀበትን ቀን በራሱ ላይ ይዞ ይሂድ። «የእድሩ መተዳደሪያ ደንብ፣ ክፍል 4 ከ5፣ አንቀጽ 16–18» ብሎ የጸደቀበትን ቀን የሚያስከትል አንድ መስመር ይበቃል። «ከ5» የሚለው መኖሩ አንባቢው የጎደለውን እንዲጠይቅ ያደርጋል፤ «ክፍል 4» ብቻ ቢባል አምስተኛው መኖሩን የሚያውቅበት መንገድ የለውም። «ከላይ በተጠቀሰው መሠረት» የሚሉ አነጋገሮችም «በአንቀጽ 13 መሠረት» ወደሚል ይለወጡ፤ «ከላይ» የተባለው በሌላ መልእክት ውስጥ ቀርቷልና። ደንቡ አስቀድሞ የጸደቀ ከሆነ ግን ቃሉ አይነካም፤ የአንቀጹ ቁጥር በቅንፍ ይጨመርበታል። በመጨረሻው ክፍል ግርጌ፣ የብራና ጸሐፊዎች ያደርጉት እንደነበረው፣ «ተፈጸመ» ብሎ መጻፍ ጽሑፉ በእርግጥ ማለቁን ያሳያል።

ከተላከ በኋላ የሚቀረው ማረጋገጫ አጭር ነው። የእያንዳንዱ ክፍል የመጨረሻ ዓረፍተ ነገርና የተከታዩ የመጀመሪያ ዓረፍተ ነገር ከዋናው ጋር ይተያያል፤ የአንቀጾቹ ቁጥር ሳይዘል ከ1 እስከ 24 መሄዱ ይታያል። በቅጽ የተሞላ ማመልከቻ ከሆነ የተላከው ቅጂ ተከፍቶ መጨረሻው ይነበባል።

የሚፈረምበት ውል፣ ለፍርድ ቤት የሚቀርብ አቤቱታና ብዙ ሠንጠረዥ ያለው ሪፖርት ግን ከነጭራሹ መከፈል የለባቸውም፤ በፒዲኤፍ አንድ ፋይል ሆነው ይላኩ። የእድሩም ደንብ ቢሆን አምስቱ መልእክቶች ለንባብ ናቸው፤ ሙሉው ፋይል አብሮ መያያዝ አለበት። ዋናው ጽሑፍም ተቀባዩ የመጨረሻውን ዓረፍተ ነገር ማየቱን እስኪያረጋግጥ ድረስ ከላኪው ዘንድ አይሰረዝ።