ርካሹ ማስታወቂያ የሚወደድበት ስሌት

አንድን የጨዋታ መተግበሪያ በሁለት መንገድ ለማስተዋወቅ፣ ለእያንዳንዱ 1,000 ዶላር ወጣ እንበል። የመጀመሪያው አንዱን ጭነት በ50 ሳንቲም ሂሳብ 2,000 ሰው አመጣ፤ ሁለተኛው በ2 ዶላር 500 ብቻ። በ30ኛው ቀን ግን ከመጀመሪያዎቹ 40፣ ከሁለተኛዎቹ 60 ሰዎች ቀሩ። አንድ የጸና ተጠቃሚ በመጀመሪያው መንገድ 25፣ በሁለተኛው 17 ዶላር ገደማ ፈጀ ማለት ነው።

እንዲህ ያለ ልዩነት ከሚያመጡት አንዱ ለሽልማት ሲል የሚጭን ሰው ነው፤ ሽልማቱን እንደተቀበለ መተግበሪያውን ያጠፋዋል። ምልክቱም በማግስቱ ተመልሰው የሚከፍቱት ማነሳቸው ነው።

መቆየት ብቻውን ግን ወጪ አይመልስም። ሁለተኛዎቹ በመተግበሪያው ውስጥ የ1,300 ዶላር ግዢ ቢፈጽሙና የመተግበሪያ መደብሩ 30 በመቶ ቢቆርጥ፣ የሚተርፈው 910 ዶላር ነው። ስለዚህ በጀቱ ከመጨመሩ በፊት ቀሪዎቹ የ90 ዶላሩን ጉድለት በስንት ቀን እንደሚሞሉት መታየት አለበት።