ስቴትመንቱ የማያውቀው ሽያጭ

በሲልቨር ስፕሪንግ ወይም በአሌክሳንድሪያ የሐበሻ ምግብ ቤት የከፈተ ሰው በየወሩ መጀመሪያ የካርድ ክፍያውን ከሚያስተላልፍለት ድርጅት፣ ፕሮሰሰር ከሚባለው ማለት ነው፣ ስቴትመንት ይደርሰዋል። ብዙዎቹ የሚያዩት የመጨረሻውን ድምር ብቻ ነው። ጠንቃቃው ስቴትመንቱን ከባንክ ሂሳቡ ጋር ያስተያይና ሲገጥምለት ያስቀምጠዋል። ግን ሁለቱም ወረቀቶች የሚያውቁት ፕሮሰሰሩ ዘንድ የደረሰውን ሽያጭ ነው። ከማሽኑ ሳይወጣ የቀረ ሽያጭ በሁለቱም ላይ ስለማይኖር፣ ወረቀቶቹ እየተስማሙ ገንዘቡ ሊጎድል ይችላል። ስለዚህ ሥራው የሚጀመረው ከቤት፣ ማሽኑ በየማታው ከሚያወጣው የመዝጊያ ሪፖርት ነው።

ምክንያቱ የካርድ ክፍያ በሁለት ደረጃ መሄዱ ነው። ካርዱ ሲነካ ወይም ሲሰካ «አፕሩቭድ» የሚለው መልስ፣ የደንበኛው ባንክ ገንዘቡን እንደያዘ ብቻ ይናገራል። ገንዘቡ ወደ ነጋዴው የሚንቀሳቀሰው የቀኑ ሽያጭ ተሰብስቦ ሲላክ ነው፤ ይህን «ባች መዝጋት» ይሉታል። ምግብ ቤት ውስጥ ደግሞ በመሐል ቲፕ አለ። ደንበኛው በወረቀት ላይ የጻፈውን ቲፕ አስተናጋጁ ባቹ ከመዘጋቱ በፊት ካላስገባው፣ የሚላከው የምግቡ ሂሳብ ብቻ ይሆናል።

አንድ ምሳሌ ወስደን እስከ መጨረሻው እንከተለው። አንድ ምግብ ቤት በራሱ ሪፖርት መሠረት በኦክቶበር ወር ታክስና ቲፕ ጨምሮ በ1,200 የካርድ ክፍያዎች 42,000 ዶላር ሸጧል። ስቴትመንቱ የሚለው 1,184 ክፍያና 41,280 ዶላር ነው። የ720 ዶላር ልዩነት ያስደነግጣል፤ ነገር ግን ስልክ ከማንሳት በፊት የወሩን ሁለት ጫፎች ማየት ያስፈልጋል። እዚህ ቤት ባቹ የሚዘጋው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ስለሆነ የወሩ መጨረሻ ቀን ሽያጭ ወደሚቀጥለው ወር ያልፋል። የኦክቶበር 31 ሽያጭ፣ 42 ክፍያና 1,640 ዶላር፣ የኖቬምበር ስቴትመንት ላይ ነው የሚታየው። በተመሳሳይ ምክንያት የሴፕቴምበር 30 ሽያጭ፣ 35 ክፍያና 1,210 ዶላር፣ ኦክቶበር ውስጥ ገብቷል። የመጀመሪያውን ቀንሰን ሁለተኛውን ስንደምር ስቴትመንቱ ማሳየት የነበረበት 1,193 ክፍያና 41,570 ዶላር ይሆናል። እውነተኛው ጉድለት እንግዲህ 9 ክፍያና 290 ዶላር ነው።

እዚህ ላይ ከገንዘቡ ይልቅ ቁጥሩ ይናገራል። የክፍያዎቹ ብዛት እኩል ሆኖ ገንዘቡ ብቻ ቢያንስ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ቲፕ ነበር። አሁን ግን ብዛቱም ስለጎደለ ጭራሽ ያልተላከ ሽያጭ አለ ማለት ነው። ቀን በቀን፣ ባች በባች ሲመሳከር ሌላው ቀን ሁሉ ይገጥማል፤ አንድ ቅዳሜ ላይ ብቻ ይሰበራል። ያን ምሽት ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ከእጅ ማሽኖቹ አንዱ ክፍያዎቹን በራሱ ላይ ይዞ አስቀምጧቸዋል። ብዙ ማሽኖች ይህን ያደርጋሉ፤ መስመሩ ሲመለስ ይልኩታል ተብሎ ነው። ማሽኑ ጠፍቶ መሳቢያ ውስጥ ከተቀመጠ ግን አይልኩትም፤ የተወሰነው ጊዜ ካለፈም ክፍያው ይሰረዛል። የቀን መዝጊያ ሪፖርት በየማሽኑ ተለይቶ እንዲወጣ ማድረግ የሚጠቅመው ለዚህ ነው። እንዲህ ያለው ጉድለት በማግስቱ ሲገኝ ይዳናል፤ ከወር በኋላ ሲገኝ ብዙውን ጊዜ ቀልጦ ይቀራል።

ቻርጅባክ ሌላ ዓይነት ነገር ነው። ደንበኛው ለባንኩ «ይህን አልከፈልኩም» ወይም «ያዘዝኩትን አላገኘሁም» ሲል ባንኩ ገንዘቡን ከነጋዴው መልሶ ይወስዳል። ቪዛና ማስተርካርድ ለአብዛኛው ዓይነት አቤቱታ እስከ 120 ቀን ስለሚሰጡ፣ በኦክቶበር የወጣው ገንዘብ የበጋ ሽያጭ ሊሆን ይችላል። ከኦክቶበር ሽያጭ ላይ መፈለግ ድካም ነው፤ በማስታወቂያው ላይ ባለው የግብይት ቀንና በካርዱ የመጨረሻ አራት ቁጥሮች ወደ ኋላ መሄድ ይሻላል።

የእኛ ምግብ ቤት ሁለት ቻርጅባክ አለው። አንደኛው 186 ዶላር፣ የምክንያት ኮዱ 10.4 ነው። በቪዛ አሠራር ይህ ካርዱ በአካል ባልቀረበበት ክፍያ የተነሳ የማጭበርበር አቤቱታ ነው፤ የድግስ ምግብ በስልክ ታዞ ቁጥሩ በእጅ የተመታበት ክፍያ ነበር። እውነቱን ለመናገር ይህን ማሸነፍ ከባድ ነው፤ ፊርማ የለም፣ ቺፑ አልተነበበም። ሁለተኛው 64 ዶላር፣ ኮዱ 12.6.1፣ ማለትም ሁለት ጊዜ ተቆረጠብኝ የሚል ነው። መዝገቡ ሲታይ አስተናጋጁ በርግጥ ሁለት ጊዜ መትቶ ነበር፤ ነገር ግን በማግስቱ 64 ዶላር ሪፈንድ ተደርጓል። ነጋዴው ስለዚህ አንዱን ስሕተት ሁለት ጊዜ ከፍሎበታል፤ ቻርጅባኮች ውስጥ መጀመሪያ ሊፈለግ የሚገባው እንዲህ ያለው ነው። መልሱም ቀላል ነው፤ የሪፈንዱን ደረሰኝ ቀንና ቁጥሩ እንዲታይ አድርጎ፣ ማስታወቂያው ላይ ከተጻፈው ቀነ ገደብ በፊት መላክ። ገደቡ ካለፈ እውነት ይዞ መቅረብም አያድንም። ሲፈቀድ ገንዘቡ በኋላ ባለ ስቴትመንት ላይ ስለሚመለስ፣ ተመላሹ እስኪታይ ጉዳዩን ክፍት አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ለእያንዳንዱ ቻርጅባክ የሚቆረጠው የአገልግሎት ክፍያ ግን ነጋዴው ቢረታም አብዛኛውን ጊዜ አይመለስም።

ኮሚሽኑን ለመመርመር መጀመሪያ ማን ምን እንደሚወስድ መለየት ይበጃል። ትልቁ ድርሻ ኢንተርቼንጅ የሚባለው ሲሆን ካርዱን ለሰጠው ባንክ ይሄዳል፤ መጠኑን የሚወስኑት ቪዛና ማስተርካርድ ስለሆኑ ፕሮሰሰሩን ቢከራከሩት አይቀንሰውም። መከራከሪያው ፕሮሰሰሩ ለራሱ የሚጨምረው ነው። የዚህ ምግብ ቤት ውል ከሽያጩ 0.30 ከመቶ፣ በተጨማሪም በየክፍያው 10 ሳንቲም ይላል። ከ41,280 ዶላር ላይ 0.30 ከመቶ 123.84 ዶላር፣ የ1,184 ክፍያ 10 ሳንቲም ደግሞ 118.40 ዶላር ነው። ስቴትመንቱ ግን በመቶኛው በኩል 185.76 ዶላር ቆርጧል። ሲካፈል 0.45 ከመቶ ይመጣል፤ ትርፉ 61.92 ዶላር ነው፣ ለአንድ ወር።

የ10 ሳንቲሙን ሲያሰሉ አንድ የሚያሳስት ነገር አለ። አንዳንድ ውል ይህን የሚያስከፍለው በተሳካ ሽያጭ ሳይሆን በየሙከራው ነው፤ ካርዱ «ዲክላይንድ» ቢልም ይቆጠራል። እንደዚያ ከሆነ ብዛቱ ከሽያጩ ቁጥር በትንሹ መብለጡ ስሕተት አይደለም። መቶኛው ግን ያለ ምክንያት አይለወጥም። ምክንያቱ ብዙ ጊዜ የሚገኘው ከወር ወይም ከሁለት ወር በፊት በነበረ ስቴትመንት ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል በተጻፈ የዋጋ ማሻሻያ ማስታወቂያ ውስጥ ነው። እዚያ ተጽፎ ከተገኘ ጥያቄው የስሕተት እርማት ሳይሆን ድርድር ይሆናል፤ ካልተገኘ ግን ውሉንና ስሌቱን አያይዞ ተመላሽ መጠየቅ ይቻላል። ብዙ ውሎች ስሕተትን ለመጠቆም አጭር ቀን ስለሚወስኑ ዓመቱ እስኪያልቅ ማጠራቀም አያዋጣም።

ፕሮሰሰሩ ኮሚሽኑን በወር መጨረሻ በአንድ ጊዜ የሚቆርጥ ከሆነ በየቀኑ ባንክ የሚገባው ከባቹ ጋር እኩል መሆን አለበት። በየቀኑ እየቀነሰ የሚያስገባ ከሆነ ግን የባንኩ ዲፖዚት ሁልጊዜ ያንሳል፤ ሽያጩንም ከባንክ ወረቀት ላይ መዝግቦ መያዝ ለግብር ጊዜ ጣጣ ያመጣል። በጃንዋሪ መጨረሻ የሚላከው ፎርም 1099-ኬ ለአይአርኤስ የሚያሳውቀው ኮሚሽን፣ ሪፈንድና ቻርጅባክ ሳይቀነስ ያለውን ጠቅላላ መጠን ነው፤ ቲፑና ታክሱም ውስጡ አሉ። በባንክ ከገባው ጋር ያለውን ልዩነት በየስሙ ለይቶ ማሳየት የነጋዴው ፋንታ ነው።