ዝም ያሉትስ ተማሪዎች?

አንድ ዩኒቨርሲቲ ለ1,000 ተማሪዎች መጠይቅ በተነ እንበል። አንዱ ጥያቄ «በገንዘብ ችግር ትምህርት ለማቋረጥ አስበው ያውቃሉ?» ይላል። 400 መጠይቆች ተመለሱ፤ በ40ዎቹ ላይ ግን ይህ ጥያቄ ባዶ ነው። ከቀሩት 360 መላሾች 90ው «አዎ» አሉ፤ 25 በመቶ መሆኑ ነው።

ባዶውን እንደ «አይደለም» መቁጠር ስህተት ነው፤ ውጤቱን ያለ ማስረጃ ወደ 22.5 በመቶ ያወርደዋል። ችግሩ የጠናበት ተማሪ ጥያቄውን አፍሮ ዘልሎት ይሆናል።

ቀጥሎ መላሾቹን ከሬጅስትራር መዝገብ ጋር ማነጻጸር ነው። በመዝገቡ ከ1,000ዎቹ ግማሹ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ሲሆኑ፣ ከመላሾቹ ግን 90ው ብቻ ናቸው። ከእነዚህ 36ቱ፣ ማለትም 40 በመቶው፣ «አዎ» ብለዋል፤ ከሌሎቹ 270 ደግሞ 54ቱ፣ ማለትም 20 በመቶው። ለሁለቱም ቡድኖች በመዝገቡ ያላቸውን እኩል ድርሻ ስንሰጥ ውጤቱ 30 በመቶ ይሆናል።

ይህ ስሌት ግን ዝም ያሉት በየቡድናቸው ከመለሱት ጋር ይመሳሰላሉ ብሎ ይገምታል። ግምቱን መጠይቁ ራሱ ሊያረጋግጥ አይችልም። ስለዚህ ሪፖርቱ ስንት እንደተበተነ፣ ስንት እንደተመለሰና ጥያቄውን ስንት ሰው እንደዘለለው ይግለጽ፤ 25ንም 30ንም ከነግምቱ ጎን ለጎን ያስፍር።