በኑሮ ከተማ፣ በቆጠራ ገጠር

ጨረቃ ቤት የሚኖር ሰው በሕዝብ ቆጠራ አይቆጠርም የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ነገሩ ግን እንደዚያ አይደለም። በ1999ኙ ቆጠራ ቆጣሪው በተመደበለት የቆጠራ ቦታ ቤት ለቤት ሲዞር ቤቱ ካርታና ፕላን ኖረው አልኖረው ነዋሪውን የመመዝገብ ግዴታ ነበረበት። ሕገ ወጥ ሰፈር በአብዛኛው ከስታቲስቲክስ የሚጠፋው ሰዎቹ ባለመቆጠራቸው ሳይሆን በሌላ ዓምድ ውስጥ በመቆጠራቸው ነው። ለምሳሌ መካነ ሰላምን እንውሰድ። በዚያ ቆጠራ የወረዳ መቀመጫ የሆነ ሁሉ የሕዝቡ ብዛት ምንም ይሁን ምን ከተማ ተብሏል፤ ስለዚህ የቦረና ወረዳዋ መካነ ሰላም ከተማነቷ አያጠያይቅም። ይህ ከተማነት ግን ከአስተዳደር ወሰኑ አያልፍም። ከወሰኑ ማዶ ያለ ገበሬ እርሻውን ሸንሽኖ ሸጠ እንበል። የመሬት ሽያጭ በሕግ ስለተከለከለ እንዲህ ያለው ውል ብዙውን ጊዜ ስጦታ ወይም ብድር ተብሎ ይጻፋል። ገዢዎቹ ጭቃ ቤት ሠርተው ይገባሉ፤ ቀን ከተማው ውስጥ በግንበኝነትና በንግድ ይውላሉ፣ ማታ ወደ ገጠር ቀበሌ ይመለሳሉ። የቆጠራ ቦታ ከ150 እስከ 200 ቤተሰብ ስለሚይዝ፣ እንዲህ ያለ አንድ ሰፈር ብቻውን አንድ ሙሉ የቆጠራ ቦታ ሊሆን ይችላል። ሰው አልጎደለም፤ የጎደለው ከተማው ነው።

ጊዜው ደግሞ ስህተቱን ያሰፋዋል። ሕገ መንግሥቱ በየ10 ዓመቱ ቆጠራ ይካሄድ ቢልም አራተኛው ቆጠራ በተደጋጋሚ ተራዝሟል፤ የከተሞች የሕዝብ ቁጥር የሚሰላውም ከ1999 ተነስቶ በትንበያ ነው። ትንበያ ደግሞ የድሮውን ወሰን ሕዝብ በዕድገት መጠን ያሳድጋል እንጂ ከወሰን ውጭ የበቀለን ሰፈር አያውቅም። መካነ ሰላም ውስጥ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ ካምፓስ ሲከፈት የኪራይ ፈላጊው መብዛት በ1999 ስሌት ሊታሰብ የሚችል አልነበረም።

ከሰማይ ፎቶ ይነሣ የሚል መልስ ይሰጣል፤ አዲስ አበባም ሰነድ አልባ ይዞታን ሕጋዊ ለማድረግ የ1988 እና የ1997 የአየር ፎቶዎችን መነሻ አድርጋለች። ፎቶው ግን የሚያሳየው ጣሪያን ነው። ከጣሪያው ሥር ባለቤቱ ብቻ ይኑር፣ ወይስ ጓሮ ያሉት ሰርቪስ ክፍሎች ለአራት ተከራይ ተሰጥተው እንደሆነ የሚታወቀው በር ሲንኳኳ ነው።

የተጎሳቆለ ሰፈር ቁጥር ደግሞ ከዚህም ይብሳል። በተባበሩት መንግሥታት ግምት በእንዲህ ያለ ሰፈር የሚኖረው የኢትዮጵያ ከተሜ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ2001 ከመቶ 99.4 ነበር፤ በ2005 ወደ 81.8 ወረደ። ዋናው ምክንያት የመጸዳጃ ቤት ትርጉም መለወጡ ነው፦ ቀድሞ ጉድጓድ ሽንት ቤት ያለው ሁሉ የተጎሳቆለ ተብሎ ይቆጠር ነበር፣ ኋላ ግን ከፊሉ ብቻ ተቆጠረ። ሰፈር የተጎሳቆለ መሆኑ ከሚለይባቸው አምስት መለኪያዎች አንዱ የይዞታ ዋስትና ቢሆንም መረጃ ስለማይገኝለት ከስሌቱ ሲቀር ኖሯል። በዚህ ስሌት ቧንቧ ውሃ፣ ሲሚንቶ ወለል፣ በቂ ክፍልና ደህና ሽንት ቤት ያለው ጨረቃ ቤት ነገ ሊፈርስ ቢችልም የተሟላ መኖሪያ ነው።